የቪዲዮ ስብሰባ ሰዓትና የመክፈቻ ሰላምታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በአያት፣ በሰሚት፣ በለገጣፎና በቱሉ ዲምቱ በኩል ከቤታቸው ወይም ከትንሽ ቢሮ ሆነው ውጭ አገር ካሉ ሰዎች ጋር ለሚሠሩ ነው። ነገሩ እንዳይበታተን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ስብሰባ እንሄዳለን። አያት አካባቢ አንድ የግራፊክ ዲዛይን ቢሮ አለ እንበል። ደንበኛዋ ዋሽንግተን ናት፣ ጽሑፉን የሚያርመው ሰው ለንደን ነው፣ ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ ደግሞ ሕንድ፣ ባንጋሎር ይኖራል። አራቱም በየሳምንቱ ሐሙስ በዋሽንግተን ሰዓት ጠዋት 9:00 ላይ በቪዲዮ ይገናኛሉ።

መልእክቱ «9:00» ይላል። የእኛ 9 ሰዓት ነው ወይስ የነሱ?

ከውጭ የመጣ መልእክት ከሆነ የእኛ አይደለም። እነሱ የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ተነሥተው ነው፣ እኛ ደግሞ ከንጋት። ልዩነቱ ሁሌም 6 ሰዓት ስለሆነ የግድግዳ ሰዓት ላይ ከቁጥሩ ትይዩ ያለውን ማየት ይበቃል፤ የ9 ትይዩ 3 ነው፣ የ4 ትይዩ 10 ነው። ይህን ማንም ያውቀዋል። ሰው የሚሳሳተው የከተማውን ልዩነትና የአቆጣጠሩን ልዩነት በአንድ ትንፋሽ ሊያሰላ ሲሞክር ነው።

ስሌቱን ለሁለት ይክፈሉት። መጀመሪያ የዋሽንግተኑን 9:00 በነሱው አቆጣጠር ወደ አዲስ አበባ ያምጡት። ዋሽንግተን በክረምቷ፣ ማለትም ከኖቬምበር እስከ ማርች፣ ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ናት፣ ሰዓቷን ወደፊት ስታደርግ ደግሞ 7። ስለዚህ የኛው ሰዓት 17:00 ወይም 16:00 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ብቻ 6 ይቀንሱ፦ ከቀኑ 11 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት።

ከዋሽንግተንና ከኒውዮርክ ጋር ብዙ የሚደዋወሉ ሰዎች አጭር መንገድ አላቸው። እነሱ ሰዓታቸውን ወደፊት ባደረጉበት ወቅት ከእኛ ቁጥር 1 ብቻ ይቀነሳል፤ በሌላው ጊዜ 2። እኛ ጋ 10 ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ 9፣ በክረምታቸው ደግሞ እኛ ጋ 11 ሲሆን እነሱ ጋ 9። ጠዋት ይሁን ማታ ግን ራስዎ ማወቅ አለብዎት፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ስለዚያ የሚነግርዎ ነገር የለም።

እኔስ ለውጭ ሰው እንዴት ብዬ ልጻፍ?

ከ24 ሰዓቱ አጻጻፍ ጋር የከተማውን ስም ያስቀምጡ። የእኛ አቆጣጠር ከ12 ስለማያልፍ፣ 16:00 የሚል ቁጥር ያየ ሐበሻም ሆነ ፈረንጅ በሁለት መንገድ ሊያነበው አይችልም። የጠዋት ሰዓት ግን ይህን ጥበቃ አያገኝም፤ 09:00 የሚለውን አንዱ የቢሮ ባልደረባ «ከቀኑ 9» ብሎ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ለጠዋት ስብሰባ UTC+3 የሚለውን አይተዉ። አዲስ አበባ የየአገሩ ሰዓት ከሚለካበት መነሻ ሰዓት፣ ከዩቲሲ፣ ዓመቱን ሙሉ 3 ሰዓት ትቀድማለች፣ አትቀያየርም።

«በአካባቢው ሰዓት» ብሎ መጻፍ ከእኛ እጅ ሲወጣ አደገኛ ነው። ለንደን ያለ ሰው እንዲህ ሲጽፍ አንድ ትርጉም አለው፣ እኛ ስንጽፈው ሁለት። ለሐሙሱ ስብሰባ የሚላከው መልእክት ይህን ቢመስል ይበቃል፦

```
Thu 12 March 2026, 13:00 UTC
Washington 09:00 | London 13:00
Addis Ababa 16:00 | Bengaluru 18:30
```

ለቢሮው ልጆች በቴሌግራም የሚላከው ደግሞ «ሐሙስ መጋቢት 3፣ ከቀኑ 10 ሰዓት» ይሁን። ሁለቱን በአንድ መልእክት አትቀላቅሏቸው። ለውጭ ሰው የኢትዮጵያን ቀን ጨምሮ መላክ እንደ ትጋት ይቆጠራል፤ ለተቀባዩ ግን ግራ የሚያጋባ ተጨማሪ ቁጥር ነው።

EST፣ IST የሚሉትን ፊደላት ልመናቸው?

ባያምኗቸው ይሻላል። IST የሕንድም፣ የእስራኤልም፣ የአየርላንድም ሰዓት መጠሪያ ነው። CST የቻይናም የመካከለኛው አሜሪካም ነው። EST በትክክሉ የምሥራቅ አሜሪካ የክረምት ሰዓት ብቻ ሆኖ ሳለ ብዙ አሜሪካውያን በሐምሌም ይጽፉታል። ሲጽፉት ለማለት የፈለጉት «እዚህ እኔ ጋ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት» ነው። ስለዚህ «የትኛው ከተማ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ጠያቂውን አዋቂ እንጂ አላዋቂ አያስመስለውም።

ስብሰባው አመለጠኝ። ስህተቱ ከየት እንደመጣ በምን አውቃለሁ?

ስንት ሰዓት እንደተሳሳቱ ይቁጠሩ፤ መጠኑ ራሱ ምንጩን ይናገራል።

ልክ 6 ሰዓት ከሆነ የአቆጣጠር ጉዳይ ነው፦ አንዱ ወገን ከንጋት፣ ሌላው ከእኩለ ሌሊት ቆጥሯል። ልክ 1 ሰዓት ከሆነ ከሁለቱ አገር አንዱ ሰዓቱን ቀይሯል፣ ወይም ሌላው ገና አልቀየረም። 3 ሰዓት ከሆነ ዩቲሲ ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር እንደ አዲስ አበባ ሰዓት አንብበውታል ማለት ነው፤ ዌቢናር ላይ የሚበዛው ይህ ነው። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ሕንድን ያስቡ። ሕንድ ከዩቲሲ በ5 ሰዓት ተኩል ስለምትቀድም ከእኛ የምትቀድመው በ2 ሰዓት ተኩል ነው፣ ሰው ግን በልማድ ሙሉ ቁጥር ያደርጋታል። 12 ሰዓት ከሆነ ጠዋትና ማታው ተምታቷል። ሙሉ አንድ ቀን ከሆነ ደግሞ ስብሰባው ሌሊት ላይ ነበር ማለት ነው፣ እሱን ከታች እናየዋለን።

ይህን መለየት የሚጠቅመው ለይቅርታው ሳይሆን ለሚቀጥለው ሳምንት ነው። የ6 ሰዓቱ ስህተት የሰው ነው፣ በአጻጻፍ ይታረማል። የ1 ሰዓቱ ግን ማንም ምንም ሳይነካ ካላንደሩ ውስጥ በራሱ የሚመጣ ነው፤ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይመለሳል።

ፈረንጆቹ ሰዓት የሚቀይሩት መቼ ነው? እኛ አንቀይር፣ ምን አገባን?

የሚያገባን ስብሰባው በነሱ ሰዓት የተያዘ ከሆነ ነው። እኛ ከምድር ወገብ ብዙ አንርቅም። የቀንና የሌሊት ርዝመት በዓመት ውስጥ ብዙ ስለማይለዋወጥ ሰዓት መቀየር አላስፈለገንም። አሜሪካ (ከአሪዞና አብዛኛው ክፍልና ከሃዋይ በቀር) በማርች ሁለተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ታደርጋለች፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ትመልሳለች። አውሮፓና እንግሊዝ ደግሞ በማርች የመጨረሻው እሑድ ይቀይሩና በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ይመልሳሉ። ሕንድም እንደኛው አትቀይርም።

የአሜሪካና የአውሮፓ ቀን አለመገጣጠሙ ነው ዋናው ጣጣ። በ2026 አሜሪካ የምትቀይረው ማርች 8 (የካቲት 29፣ 2018) ነው፤ ለንደን የምትቀይረው ማርች 29 (መጋቢት 20)። የሐሙሱን ስብሰባ በዚህ ላይ እናስኬደው።

እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ የዋሽንግተን 9:00 አያት ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ነበር፣ ለንደን 14:00፣ ባንጋሎር 19:30። የካቲት 29 አልፎ በመጣው ሐሙስ፣ መጋቢት 3፣ ዋሽንግተን ያው 9:00 ናት፤ አያት ላይ ግን ስብሰባው 10 ሰዓት ሆነ፣ ባንጋሎር 18:30፣ ለንደን 13:00። ለንደን ያለው ሰው ምሳው ላይ ነው። እስከ መጋቢት 20 ድረስ ለሦስት ሐሙስ እንዲህ ይቆያል። ከዚያ ለንደን ሰዓቷን ትቀይርና ወደ ለመደችው 14:00 ትመለሳለች፣ እኛና ባንጋሎር ግን እዚያው እንቀራለን።

በመኸር ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ለንደን ኦክቶበር 25 (ጥቅምት 15፣ 2019) ቀድማ ትመልሳለች፣ ዋሽንግተን ኖቬምበር 1 (ጥቅምት 22)። በመሃል አንድ ሐሙስ አለ፣ ጥቅምት 19። በዚያ ቀን ለንደን እንደገና 13:00 ላይ ትገኛለች። አያት ያለው ቢሮ ወደ 11 ሰዓት የሚመለሰው ከጥቅምት 22 በኋላ ባለው ሐሙስ ነው።

እንግዲህ ከአራቱ ሰዎች ደንበኛዋ ብቻ ናት ዓመቱን ሙሉ ምንም ያልተሰማት፤ ያልተሰማትም ስብሰባው በሷ ሰዓት ስለተያዘ ነው። «ባለፈው ሳምንት 11 ሰዓት አልነበረም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣላት በቅንነት «ምንም አልቀየርኩም» ትላለች፣ እውነቷን ነው።

ታዲያ ካላንደሩ ላይ በማን ከተማ ይያዝ?

በየሳምንቱ የሚደጋገም ስብሰባ ካላንደር ውስጥ ሲያዝ ከአንድ ከተማ ጋር ይታሰራል። ያ ከተማ አይንቀሳቀስም፣ ሌሎቹ በዙሪያው ይንቀሳቀሳሉ። በጎግል ካላንደር ስብሰባውን ለማረም ሲከፍቱ ከሰዓቱ አጠገብ የሰዓት ቀጠና መምረጫ አለ፤ የታሰረበትን እዚያ ያዩታል።

የኔ አስተያየት ስብሰባው ሰዓት ከሚቀይሩት አገሮች ሰው የሚበዛበት ከሆነ በነሱ መታሰሩ ይሻላል የሚል ነው። ጠባቸው ከትምህርት ቤትና ከሥራ መግቢያ ሰዓት ጋር ስለሆነ አንድ ሰዓት ሲነቀነቅባቸው ቀናቸው ይበላሻል። ግን ከመስማማት በፊት የክረምቱን ሰዓት አይተው ይስማሙ። አያት ላለው ቢሮ 10 ሰዓት ተጀምሮ 11 የሚያልቅ ስብሰባ ምንም አይደል። 11 ተጀምሮ 12 የሚያልቀው ግን ሠራተኛውን የታክሲ ሰልፉ በረዘመበት ሰዓት ነው የሚያወጣው፣ ወደ ለገጣፎ ወይም ወደ አራብሳ የሚገባ ሰው ደግሞ ሲጨላልም ነው ቤቱ የሚደርሰው። ይህን ለደንበኛዋ መናገር ይቻላል። «ከኖቬምበር እስከ ማርች 8:00 ላይ ብናደርገውስ?» ቢባል አያት ላይ ዓመቱን ሙሉ 10 ሰዓት ይሆናል፤ እሷም ምክንያቱን ካወቀች የምትከራከር አይመስለኝም።

ስብሰባው በአዲስ አበባ ሰዓት ከታሰረ ደግሞ ግዴታው ወደኛ ይዞራል፦ ማርች ላይ ሰዓታቸውን ከመቀየራቸው በፊት «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እናንተ ጋ አንድ ሰዓት ይዘገያል» ብሎ ማሳወቅ የኛ ሥራ ነው።

ኮምፒውተሬ ላይ አዲስ አበባን ፈልጌ አጣሁ።

ዊንዶውስ ላይ `(UTC+03:00) Nairobi` የሚለውን ይምረጡ። ናይሮቢና አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ናቸው። ባግዳድ ወይም ሪያድ ቢመርጡም ቁጥሩ ዛሬ ያው ነው፤ ግን ያ አገር ነገ ሰዓት እቀይራለሁ ቢል ኮምፒውተርዎ አብሮ ይቀየራል።

ስልኬን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ላድርገው?

ሰዓቱን በእጅ እየነካኩ ከሆነ አያድርጉት። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስልክዎ 10:00 እንዲል 6 ሰዓት ወደኋላ ካደረጉት፣ ካላንደሩ የሚያስታውስዎ ስልኩ 16:00 ሲል ነው። ያኔ ስብሰባው ከተጀመረ 6 ሰዓት ሞልቶታል። ሰዓቱ የተዛባ ስልክ ድረ ገጽ ሲከፍትም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ሊያስቸግር ይችላል። ስልኩን በራሱ እንዲያስተካክል ይተዉትና የኢትዮጵያን ሰዓት ለብቻው የሚያሳይ መተግበሪያ ይጫኑ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት በኢትዮጵያ ይሁን፣ ኮምፒውተሩ በዓለም አቀፉ፤ ሁለቱ አይን ፊት ሆነው ማንም አይሳሳትም።

ከካሊፎርኒያ ሰዎች ጋር ማክሰኞ ነው ተባብለን እነሱ ማክሰኞ ገቡ፣ እኛ ረቡዕ። ማን ተሳሳተ?

ማንም፤ ሌሊት ነው ያሳሳታችሁ። ካሊፎርኒያ በሐምሌ ማክሰኞ ከሰዓት 2:30 ሲል አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት ካለፈ 30 ደቂቃ ሆኗል። በካላንደሩ ቀኑ ረቡዕ 00:30 ነው። የኛ ሰው ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩልን የማክሰኞ ሌሊት ይለዋል፣ ገና አልነጋማ። ካላንደሩ «ረቡዕ» ሲለው ረቡዕን ውሎ፣ ራቱን በልቶ፣ ረቡዕ ሌሊት ይጠብቃል። ያኔ ስብሰባው ድፍን አንድ ቀን አልፎታል።

መድኃኒቱ ቋንቋችን ውስጥ ያለ ነው፦ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል»። እንዲህ ተብሎ የተነገረውን ሰው የሚያሳስተው የለም። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ለሚደረግ ማንኛውም ስብሰባ ይህን አጻጻፍ ይልመዱ፤ ለውጭ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ቀን ጥቀሱለት።

ስብሰባውን የምከፍተው እኔ ነኝ። «ጉድ ሞርኒንግ» ልበል?

ሐሙሱን እንየው። መጋቢት 3 ዋሽንግተን ጠዋት ነው፣ ለንደን ቀትር አልፏል፣ አያት ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው፣ ባንጋሎር መሽቷል። «ጉድ ሞርኒንግ» ከአራቱ ለአንዷ ብቻ ይሆናል፣ እሷም ደንበኛዋ ነች። ባንጋሎር ያለው ሰው አይቀየምም፤ ግን ስብሰባው የማን እንደሆነ በመጀመሪያው ቃል ተነግሮታል።

ጊዜ የማይጠቅስ ሰላምታ ይሻላል፦ «ሄሎ ኤቭሪዋን» ብሎ የገቡትን በስም መጥራት። አንዳንዱ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ጉድ አፍተርኑን፣ ጉድ ኢቭኒንግ» ሁሉንም ይደረድራል። አንድ ጊዜ፣ ብዙ ሕዝብ ባለበት ዌቢናር ላይ፣ ያምራል። በየሳምንቱ አራት ሰው ፊት ሲደገም ግን የሬዲዮ ማስታወቂያ ይሆናል። «ጉድ ደይ» ደግሞ ለአሜሪካ ጆሮ የቆየ ቃል ወይም መሰናበቻ ሊመስል ስለሚችል ቢቀር ይሻላል።

በስም ሲጠሩ ግን ለየሰዉ የራሱን ሰዓት መስጠት ይችላሉ። ባንጋሎር ያለውን «አንተ ጋ መሽቷል፣ ስለቆየህልን እናመሰግናለን» ማለት ከማንኛውም ሰላምታ ይበልጣል፤ ሰዓቱን አውቀህለታል ማለት ነዋ። ስብሰባው የሚቀዳ ከሆነ ግን ይህም አያስፈልግም። ቅጂውን ማን መቼ እንደሚያየው አይታወቅምና ጊዜ የለሹን ይያዙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማታ ሲገቡ «ጉድ ናይት» ብለው አይክፈቱ። እሱ «ደህና እደሩ» ነው፣ የሚወጣ ሰው ቃል። የሚገባ ሰው «ጉድ ኢቭኒንግ» ይላል።

በአማርኛ የሚደረግ ስብሰባ ሲሆንስ? አንዱ ሜሪላንድ፣ አንዱ ፍራንክፈርት፣ እኛ እዚህ።

«እንደምን አደራችሁ»፣ «እንደምን ዋላችሁ»፣ «እንደምን አመሻችሁ» ሦስቱም በሰዓት የታሰሩ ናቸው፤ ለሜሪላንዱ ትክክል የሆነው ለእኛ አይሆንም። ለሁሉም የሚሆነው «ጤና ይስጥልኝ» ነው። ሰዓት የለውም፣ ወንድና ሴት አይለይም፣ አንተና እርስዎ ውስጥ አይገባም፣ ለትልቅ ሰውም ያስከብራል። «ሰላም ለሁላችሁ» ለወጣቶች ይስማማል፤ ሽማግሌ ያለበት የማኅበር ወይም የእድር ስብሰባ ላይ ግን ትንሽ ይቀላል።

ብዙ ቁጥሩ ራሱ ይረዳል። «እንደምን አላችሁ» ሲባል የዕድሜና የማዕረግ ነገር ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ ትልቁን ሰው ለብቻቸው ማንሳት ያስፈልጋል፦ «ጋሼ፣ እርስዎስ እንደምን አደሩ?» ሜሪላንድ ያሉት ጋሼ ገና ከእንቅልፋቸው መነሣታቸው ከሆነ «አደሩ» ይባላሉ፣ እዚህ ቢመሽም። ሰላምታው የሚከተለው የሚጠየቀውን ሰው ሰዓት ነው፣ የጠያቂውን አይደለም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ባዶ ስም ብቻ ስለሆነ ወጣቶች በዚያው ስም መጥራት ይቀናቸዋል፤ ቤት ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» የሚሏቸውን ሰው እዚህም እንዲያው ይበሏቸው።

የኛ ሰላምታ ረጅም መሆኑም ይታሰብበት። ልጆች እንዴት ናቸው፣ ጤና እንዴት ነው፣ አገሩ እንዴት ነው፣ በየተራው ሲጠየቅ ከስብሰባው ጊዜ ሩቡን ይበላል። ማሳጠር አይቻልም፣ ይቀየማሉ። የሚሻለው ሊንኩን አሥር ደቂቃ ቀድሞ ከፍቶ «ሊንኩ ቀድሞ ይከፈታል፣ ሰላም መባባል የሚፈልግ ይግባ» ማለት ነው። ያልመጣ ሰው እንደቀረበት ያውቃል።

በዓል ሲሆን «እንኳን አደረሳችሁ» ልበል?

የኛው ሰዎች ብቻ ከሆኑ በደንብ። የተቀላቀለ ስብሰባ ላይ ግን አንድ ቀን ለይተው ያስቡበት፦ መስከረም 1። አብዛኛውን ዓመት ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፣ አሜሪካውያን ደግሞ በ2001 በዚያ ቀን የሞቱባቸውን ያስባሉ። የኛን አዲስ ዓመት መናገር ነውር የለውም፤ ግን ስብሰባውን «ሃፒ ኒው ይር» ብሎ በሞቅታ ከመክፈት ሥራው ሲያልቅ «ዛሬ እኛ ጋ የዘመን መለወጫ ነው፣ ቢሮው ነገ ይከፈታል» ማለት ይቀላል። ገናን ታኅሣሥ 29 እንደምናከብርም አስቀድሞ ቢነገር ጥሩ ነው፤ ለነሱ ጃንዋሪ 7 ተራ የሥራ ቀን ስለሆነ ስብሰባ ይይዙበታል።

ዘግይቼ ስገባ ሰላምታ ልስጥ?

ሰው እየተናገረ ከሆነ ማይኩን ዘግተው ይግቡና ቻቱ ላይ አንድ ቃል ይጻፉ። እዚህ ቤት ገብቶ ዝም ማለት ነውር ነው ብለው ተናጋሪውን አቋርጠው ሰላም የሚሉ አሉ፤ በቪዲዮ ድምፅዎ የሌላውን ያፍናል። ትልቅ ሰው ካሉበት ካሜራው ላይ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት ይበቃል፣ ያዩታል።

ሲያልቅስ ምን ተብሎ ይወጣል?

በአማርኛ «በሰላም ያገናኘን» ወይም «ቸር ያገናኘን» ለሁሉም ሰዓት ይሆናል፤ «ደህና እደሩ» ግን ቁርሱን ላልበላ ሰው አይባልም። በእንግሊዝኛ «ታንክ ዩ ኦል» ብሎ የሚቀጥለውን ስብሰባ ቀን መጥራት ይበቃል። የማርች ወይም የኦክቶበር መጨረሻ ከሆነ ቀኑን ብቻ ሳይሆን የየከተማውን ሰዓት ጭምር እዚያው ሰው ሳይወጣ ያንብቡት፤ ለንደን ያለው ሰው «ለኔ በአንድ ሰዓት ይለወጣል» የሚለው ያኔ ነው።